ጉንፋን፣ አንቲባዮቲክና መሳቢያ ውስጥ የተረፉት ኪኒኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉንፋን ይዞኛል። ካለፈው ሕመሜ የተረፈ ስድስት ፍሬ አሞክሳሲሊን ቤት ውስጥ አለ። ልውሰደው?

አይውሰዱት። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን የሚገድለው ደግሞ ባክቴሪያን ነው። ስድስቱ ፍሬ ጉንፋኑን አንድ ቀን እንኳ አያሳጥረውም። ይህ ማለት ግን ኪኒኑ ሰውነትዎ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ይወጣል ማለት አይደለም። ሆድ ሊያስቀምጥ፣ ሽፍታ ሊያወጣ፣ አለርጂ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው የእነዚህን ስድስት ፍሬዎች ጉዳይ ይከተላሉ፤ ምክንያቱም በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ የሚገኘው ይኸው ነው።

ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት ቫይረስን ለምን መግደል ያቅተዋል?

ቫይረሱ መድኃኒቱ የሚመታው አካል ስለሌለው ነው። ባክቴሪያ ራሱን የቻለ ሕያው ሕዋስ ነው። ዙሪያውን ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ ባደገና ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ይህን ግድግዳ አዲስ መሥራት ግድ ይለዋል። አሞክሳሲሊን ግድግዳውን የሚገጣጥሙትን ፕሮቲኖች ያስራቸዋል። ባክቴሪያው ግንባታውን መጨረስ ሲያቅተው ውኃ ይስብና ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም፤ መድኃኒቱ የእኛን ሕዋስ ሳይነካ ባክቴሪያውን መምታት የቻለውም በዚሁ ነው።

ቫይረስ ግን ሕዋስ አይደለም። በፕሮቲን የተጠቀለለ የዘር መልእክት ነው፤ ግድግዳ አይገነባም፣ ምግብ አይፈጭም፣ ብቻውን አይራባም። የአፍንጫችንና የጉሮሯችን ሽፋን ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በእኛው ሕዋስ ዕቃ ራሱን ያባዛል። አሞክሳሲሊን የሚያፈርሰው ነገር እዚያ የለም።

ሌሎቹ አንቲባዮቲኮችም መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ታሪኩ አንድ ነው። አዚትሮማይሲንና ዶክሲሳይክሊን የባክቴሪያውን ፕሮቲን መሥሪያ ይዘጋሉ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ባክቴሪያው ዲኤንኤውን የሚፈታበትንና የሚጠቀልልበትን ኤንዛይም ያበላሻል። የጉንፋን ቫይረስ ከእነዚህ አንዱም የለውም። በመርፌ ቢሰጥም ለውጥ የለም፤ ሴፍትሪአክሶን በደም ሥር ገባ ማለት ያው ግድግዳ አፍራሽ መድኃኒት በፍጥነት ደረሰ ማለት ነው፣ ሌላ ነገር ሆነ ማለት አይደለም።

ባለፈው ጊዜ ግን ወስጄ በሁለተኛው ቀን ተሽሎኝ ነበር። ይህንን እንዴት ታዩታላችሁ?

የጉንፋንን የቀን አቆጣጠር እንመልከት። ሰኞ ጉሮሮ መከርከር ይጀምራል። ማክሰኞ ማስነጠስና ቀጭን ንፍጥ ይመጣል። ረቡዕ ራስ ይከብዳል፣ አፍንጫ ይደፈናል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ሰው መሳቢያውን የሚከፍተው መቼ ነው? ሲጀምረው ሰኞ ሳይሆን ሲብስበት ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስና ዓርብ ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ መቅለል ይጀምራል፤ ምስጋናው ግን ለኪኒኑ ይሆናል። ዶሮ ስለጮኸ ነጋ እንደማለት ነው።

ምንም ሳይወስዱ ቢቆዩም ጉንፋኑ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቅዎታል። ሳሉ ብቻ ወደኋላ ሊቀር ይችላል፤ ሌላው ነገር ሁሉ ከዳነ በኋላ እስከ ሦስት ሳምንት የሚቆይ ደረቅ ሳል እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በአምስተኛው ቀን ሳሉ አለመቆሙን አይቶ «አልዳንኩም» ብሎ ሁለተኛ ዓይነት አንቲባዮቲክ ይጨምራል።

ንፍጤ ቢጫና አረንጓዴ ሆነ። ይህ ባክቴሪያ ገባ ማለት አይደለም?

አይደለም። ቀለሙ የሚመጣው ቫይረሱን ለመከላከል ከተሰበሰቡት ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በውስጣቸው አረንጓዴ የሆነ፣ ብረት ያለበት ኤንዛይም ይዘዋል፤ ሲሞቱና ሲጠራቀሙ ንፍጡን ያቀልሙታል። ጠዋት ላይ ደምቆ የሚታየውም ሌሊቱን ሙሉ ተጠራቅሞ ስላደረ ነው። ከቀለሙ ይልቅ ቀኑን ይቁጠሩ፦ የአፍንጫ መደፈንና የፊት ሕመም ከ10 ቀን በላይ ምንም ሳይቀንስ ከቀጠለ፣ ወይም ተሽሎዎት ቆይቶ እንደገና ትኩሳትና የፊት ሕመም ከተነሣ፣ ያን ጊዜ የሳይነስ ባክቴሪያ ሊኖር ስለሚችል መመርመር ተገቢ ነው።

«ወደ ደረት እንዳይወርድ» ብሎ ቀድሞ መውሰድስ?

ይህ ክፋት የሌለበት፣ ከልብ የሆነ ስጋት ነው፤ በተለይ አረጋውያን ባሉበት ቤት። ነገር ግን ተለክቷል። በእንግሊዝ አገር የቤተሰብ ሐኪሞች መዝገብ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የላይኛው መተንፈሻ ክፍል ሕመም ከያዛቸው ሰዎች መካከል አንድ ከባድ ተከታይ ሕመም ለመከላከል ከ4000 በላይ ሰዎች አንቲባዮቲክ መውሰድ ነበረባቸው። በሌላ አነጋገር፣ ሁሉም ለተቅማጡና ለአለርጂው ተጋልጠው የሚጠቀመው አንዱ ነው። የሳንባ ምች ከመጣ መታከም ያለበት ሲመጣ ነው፤ መምጣቱን የሚያሳዩትን ምልክቶች ወደ ታች ጽፈናል።

እሺ፣ አልሰማሁም እንበል። ስድስቱን ፍሬ ብወስድ በትክክል ምን ይሆናል?

ከየት እንደተረፉ እንጀምር። ለአዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 500 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ለ7 ቀን ነው፤ ይህም 21 ፍሬ ይሆናል። በአምስተኛው ቀን ተሽሎት ያቆመ ሰው 15 ወስዷል፣ 6 ተርፎታል። ስድስት ፍሬ ደግሞ እንደ ትእዛዙ ከተወሰደ የሁለት ቀን መጠን ብቻ ነው። ብዙ ሰው «እንዲበቃኝ» ብሎ ጠዋትና ማታ እያደረገ ሦስት ቀን ያዳርሰዋል።

አሞክሳሲሊን ጤነኛ ኩላሊት ባለው ሰው ደም ውስጥ በየአንድ ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ከ8 ሰዓት በኋላ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው፤ «በየ8 ሰዓቱ» የተባለውም ለዚህ ነው። በየ12 ሰዓቱ አንድ ፍሬ የሚወስድ ሰው በሁለቱ መካከል ረጅም ሰዓት የሚያሳልፈው መድኃኒት የሚባል ነገር ሳይኖረው ነው። አንጀትና ጉሮሮ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ጥቂት ይመታሉ፣ ያገግማሉ፣ እንደገና ጥቂት ይመታሉ።

አሁን በአፍንጫውና በአንጀቱ ውስጥ የሚሆነውን ለየብቻ እንመልከት። አፍንጫው ውስጥ ቫይረሱ እንዳለ ነው። አንጀቱ ውስጥ ግን አሞክሳሲሊን የሚገድላቸው ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ ከመካከላቸው መድኃኒቱን ቆርጦ የሚጥል ኤንዛይም ያላቸው ይተርፋሉ። ቦታውና ምግቡ ለእነሱ ይለቀቃል፤ ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ስለሚከፈል፣ ጥቂት የነበሩት ለመብዛት ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም። ይባስ ብሎ ያንን ኤንዛይም የሚሠራውን የዘር ቁራጭ ለጎረቤት ባክቴሪያዎች ቀድተው ይሰጣሉ።

ጉንፋኑ በሳምንቱ ይለቃል፤ ሰውየውም ጉዳዩን ይረሳዋል። ከሁለት ወር በኋላ የዚያው ሰው ሚስት ወይም ራሱ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ቢይዛቸው፣ ሕመሙን የሚያመጣው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ከገዛ አንጀት የወጣ ኢ ኮላይ ነው። የተለመደው መድኃኒት ይሰጣል፤ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን፣ ለውጥ የለም። ሐኪሙ የሽንት ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ ያዝዛል፤ ውጤቱ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንደተቋቋመ ያሳያል፤ ወደ ውድ መድኃኒት ወይም ወደ መርፌ መሻገር ይመጣል። አንቲባዮቲክ በወሰዱ ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ የሚያሳዩት፣ መድኃኒቱን የተቋቋሙ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚገኙት በመጀመሪያው ወር መሆኑን፣ ነገር ግን እስከ 12 ወር ድረስ ሊቆዩ እንደሚችሉ ነው። «ሚስት» ያልነውም በከንቱ አይደለም፤ አንድ ሽንት ቤትና አንድ ማዕድ የሚጋሩ ሰዎች ባክቴሪያም ይጋራሉ።

ታዲያ ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው ማለት ነው?

ሰውነትዎ አልለመደውም፤ የለመዱት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ሰውነት ቢሆን የሚለምደው «እኔ ብዙ ስለማልወስድ አያገኘኝም» ማለት ይቻል ነበር። ባክቴሪያ ግን ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ በሕይወቱ አንቲባዮቲክ ያልቀመሰ ጨቅላ ሕፃን መድኃኒት በተቋቋመ ባክቴሪያ ሊታመም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት ብቻ እንደሞቱ ተገምቷል። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግም እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ንግግሩ ላይ ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነበር፦ ራሱን በራሱ እያከመ ያነሰ መጠን የሚወስድ ሰው ባክቴሪያውን እንደሚያስተምረው።

ከዚህ በፊት ወስጄው ምንም አልሆንኩም። አለርጂ ሊኖርብኝ ይችላል?

ይችላል። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ዘር ነው፤ የፔኒሲሊን ዘር አለርጂ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ጊዜ አይታይም፤ ያን ጊዜ ሰውነት መድኃኒቱን «ያውቀዋል»፣ የሚቆጣው በሚቀጥለው ነው። ከወሰዱ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ፣ ቆዳ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ከወጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ራስ ካዞረ፣ ቀጣዩ እርምጃ ፋርማሲ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሌላ ያልተጠበቀ መዘዝም አለ። በወጣቶች ላይ የጉሮሮ ሕመም፣ ትኩሳትና የአንገት ንፍፊት የሚያመጣ ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ አለ። ይህ የያዘው ሰው አሞክሳሲሊን ሲወስድ ብዙ ጊዜ መላ ሰውነቱን ቀይ ሽፍታ ይወርረዋል። ሽፍታው እውነተኛ የፔኒሲሊን አለርጂ ላይሆን ይችላል፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ በካርዱ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ይጻፍበትና ለዓመታት ጥሩውንና ርካሹን መድኃኒት ይከለከላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ኪኒኑ መጀመሪያውኑ አያስፈልገውም ነበር።

የተረፈኝ አሞክሳሲሊን ሳይሆን ሌላ ነው። እሱስ?

ለጉንፋን የሚሆን የለም፤ ጉዳታቸው ግን ይለያያል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ጅማትን ሊያሳምም፣ አንዳንዴም የተረከዝን ጅማት ሊበጥስ ይችላል፤ በተለይ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ በሚወስዱ ላይ። ዶክሲሳይክሊን በጥቂት ውኃ ተውጦ ወዲያው ጋደም ከተባለ ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ያቆስላል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። ኮትሪሞክሳዞል ለሰልፋ አለርጂ ባለው ሰው ላይ ቆዳን እንደ ቃጠሎ የሚገፍ ከባድ ሕመም ሊያስነሣ ይችላል። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች የዋርፋሪኑን ጉልበት ስለሚጨምሩ ለመድማት ይጋለጣል።

አዚትሮማይሲንን በተመለከተ አንድ ነገር ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች ለትራኮማ በዘመቻ ስለሚሰጥ፣ ብዙ ሰው «ለሁሉም ተብሎ የሚታደል፣ ጉዳት የሌለው» አድርጎ ያስበዋል። በዘመቻው የሚሰጠው የትራኮማን ባክቴሪያ ለመግደል ነው፤ መጠኑም በቁመት ተለክቶ፣ እዚያው ባለሙያ ፊት የሚዋጥ አንድ ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በጣም በዝግታ ስለሆነ ሦስት ቀን የተወሰደው ለቀናት ይቆያል፤ የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው ያለ ምክር ሊነካው አይገባም።

እና ፍሬው ከስትሪፑ ወጥቶ በላስቲክ ወይም በወረቀት ከተቀመጠ ምን እንደሆነ በቀለሙ አይገምቱ። ሁለት ቀለም ያለው ካፕሱል ሁሉ አሞክሳሲሊን አይደለም። በመቀስ የተቆረጠ ስትሪፕ ብዙ ጊዜ ስሙን እንጂ የማብቂያ ቀኑን አይዝም።

የልጄ አንቲባዮቲክ ሽሮፕ ግማሽ ቀርቷል፤ ለታናሹ ልስጠው?

አይሆንም፣ በሁለት ምክንያት። አንደኛው መድኃኒቱ ራሱ ነው። የልጆች አሞክሳሲሊን በዱቄት መልክ ይመጣና ውኃ ይጨመርበታል፤ ውኃ ከገባበት በኋላ ዕድሜው እንደ አምራቹ 7 ቀን፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢበዛ 14 ቀን ነው። በካርቶኑ ላይ የታተመው የማብቂያ ዓመት ደረቁን ዱቄት የሚመለከት ነው። ከወር በፊት የተበጠበጠ ሽሮፕ ጣዕሙ ያው ሆኖ ጉልበቱ ላይኖረው ይችላል።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። የልጅ መድኃኒት የሚሰላው በክብደት ነው፤ አንዱ ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም ሲይዝ ሌላው 250 ይይዛል። ጠርሙሶቹ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። «ለትልቁ አንድ ማንኪያ ነበር፣ ለትንሹ ግማሽ» የሚለው የወጥ ቤት ሒሳብ እዚህ አይሠራም። የአዋቂ ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ለልጅ መከፋፈልም ከዚሁ የባሰ ነው።

ቶንሲሌ ተነሥቷል። ለቶንሲልም አያስፈልግም ልትሉ ነው?

እዚህ ላይ መልሱ ይለያል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ ነው፤ አንዳንዱ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ያም በአግባቡ መታከም አለበት። ምክንያቱ ጉሮሮው ራሱ አይደለም፤ እሱ ሳይታከምም ሊድን ይችላል። ነገር ግን በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሳምንታት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ሊከተል፣ የልብ ቫልቭንም ሊያበላሽ ይችላል። በአገራችን በወጣትነታቸው የልብ ቫልቭ ሕመም ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው።

እንዴት ይለያል? ከጉሮሮው ሕመም ጋር ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መጎርነን ካለ ወደ ቫይረስ ያደላል። በአንጻሩ ድንገት የጀመረ ትኩሳት ካለ፣ ሳል ከሌለ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ ከመንጋጋ ሥር ያለው ንፍፊት ሲነካ ካመመ፣ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ይታዩ። ሕክምናው ወይ አንድ ጊዜ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው ወይም ፔኒሲሊን አለዚያም አሞክሳሲሊን ለ10 ቀን ነው። መሳቢያ ውስጥ ያሉት ስድስት ፍሬ እዚህም አይበቁም፤ ሕመሙን አስታግሰው ልብን ሳይጠብቁ የሚቀሩ ናቸው።

ጉንፋን ነው ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር ቢሆንስ? መቼ ነው መሄድ ያለብኝ?

የአምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከሆነ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ከሆዱና ከደረቱ ገልጠው አንድ ሙሉ ደቂቃ በሰዓት ይቁጠሩ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። ከሁለት ወር በታች ላለ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሊነቃ ካልቻለ፣ ሌሊትም ቢሆን ይውሰዱት። ገጠር ከሆኑ ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይህንኑ ትቆጥራለች።

ለአዋቂ ደግሞ፦ ትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ ደረት መውጋት፣ ደም ያለው አክታ፣ መደናገር፣ ከሦስት ቀን በላይ የሚዘልቅ ከፍተኛ ትኩሳት። ወባ ባለበት አካባቢ ያለ ወይም ከዚያ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን የደም ምርመራ ያድርግ። እየቀነሰ ሳይሄድ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ በተለይ ከክብደት መቀነስና ከሌሊት ላብ ጋር ከመጣ፣ የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። ትርፍ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሌቮፍሎክሳሲን እዚህ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ስውር ነው፦ የቲቢውን ባክቴሪያ ለጊዜው ስለሚያደክመው ሳሉ ይቀንሳል፣ ምርመራውም ሊያመልጠው ይችላል፤ በሽታው በሳምንታት ዘግይቶ ይገኛል።

ሁለት ፍሬ ወስጃለሁ። የጀመርኩትን ልጨርስ?

ለጉንፋን ብለው በራስዎ የጀመሩት ከሆነ ያቁሙ። «የጀመሩትን ይጨርሱ» የሚባለው ሐኪም መርምሮ ላዘዘው ሕክምና ነው። ሐኪም ያዘዘልዎ ከሆነ ግን ስለተሻለዎት ብቻ በራስዎ አያቋርጡ፤ ደውለው ወይም ተመልሰው ይጠይቁ። ዛሬ ለአንዳንድ ሕመሞች 5 ቀን በቂ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቀኑን መወሰን ግን የእሱ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕመም ቀጥሎ ጤና ተቋም ከሄዱ የወሰዱትን ስም፣ መጠንና ቀን ይናገሩ፤ ከተቻለ ስትሪፑን ይዘው ይሂዱ። አፍሮ መደበቅ የካልቸር ውጤትን ያበላሻል፤ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ከአገር ቤት በተላከ ኪኒን ውጭ አገር ራሳቸውን ያከሙ ሰዎችም ይህን ለሐኪማቸው ሲነግሩ የመድኃኒቱን ዋና ስም ይንገሩ፤ የንግድ ስሙ እዚያ ላይታወቅ ይችላል።

ፋርማሲው ያለ ማዘዣ ሸጦልኛል፤ ባይሆን ኖሮ ይሸጥ ነበር?

በኢትዮጵያ አንቲባዮቲክ በሕግ በማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። መሸጡ ሕመሙን ይስማማዋል ማለት አይደለም። ወደ መስኮቱ ሲቀርቡ «አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ከማለት «ሦስት ቀኔ ነው፣ ንፍጥና ሳል አለኝ፣ ትኩሳት የለኝም» ማለት የተለየ ውይይት ይከፍታል፤ ደኅና ፋርማሲስት አንቲባዮቲክ ሳይሰጥ ሊሸኝዎ ይችላል። ይህን እንደ እምቢታ አይቁጠሩበት።

ታዲያ ለጉንፋኑ ምን ላድርግ?

ለራስ ምታትና ለትኩሳት ፓራሲታሞል፦ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 500 ወይም 1000 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ 4 ሰዓት ልዩነት እየሰጡ፣ በ24 ሰዓት ከ4000 ሳይበልጥ። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም አልኮል የሚያዘወትር ሰው ከዚህ ያነሰ መጠን ስለሚያስፈልገው ይጠይቅ። ብዙዎቹ የጉንፋን ቅልቅል መድኃኒቶች ውስጥ ፓራሲታሞል አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ሳይታወቅ ከመጠን ያሳልፋል። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም።

ለጉሮሮ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟምተው ይጉመጥመጡ፤ አይዋጥም። ለሳል ከመኝታ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ይረዳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የሚባል መርዛማ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል ክልክል ነው። ዝንጅብል ሻይ፣ ጤና አዳም ጣል የተደረገበት ቡና፣ ትኩስ ሾርባ፣ ሁሉም ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፤ ይጠጡ። ዳማከሴ ለምች እንደሚታሸው ሁሉ ለጉንፋንም ይሸተታል፤ ጭማቂውን ግን በሕፃን አፍንጫ ማንጠባጠብ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ይቅር።

የተረፉትን ስድስት ፍሬ የት ልጣላቸው?

መጀመሪያ የገዙበትን ፋርማሲ ወይም የታከሙበትን ጤና ጣቢያ መልሰው ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ። የማይቀበሉ ከሆነ ካፕሱሎቹን ከስትሪፑ አውጥተው ከቡና አተላ፣ ከአመድ ወይም ከአፈር ጋር ያደባልቁ፤ ልጅም እንስሳም እንዳያነሣው ነው። ድብልቁን በላስቲክ አስረው ከቆሻሻ ጋር ያውጡት። ሽንት ቤት ወይም ወንዝ ውስጥ አይጣል፤ ውኃውና አፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን ይማራሉ። በማሸጊያው ላይ ስምዎ ካለ ቀድደው ይጣሉት። ሽሮፕ ከሆነ ጠርሙሱን ባዶ አድርገው ለዘይት ወይም ለሌላ ነገር መያዣ አያድርጉት።